መረቡ የት ላይ ይሁን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርድ ሞተረኛ ማለዳ ብርድ እያንቀጠቀጠው ይወጣና እኩለ ቀን ላይ ጃኬቱን አውልቆ መጣል ያምረዋል። ብዙዎች ጃኬቱን ከኋላ አስረው በሸሚዝ የሚቀጥሉት እዚያ ላይ ነው። ለቆላ መንገድ የሚገዛ ጃኬት የመጀመሪያ ፈተናው እንግዲህ ሙቀቱ ሲበረታ ሳይወልቅ መቆየቱ ነው።

መረብ ጨርቅ ያለው ጃኬት ለዚሁ የተሠራ ነው። ዋናው ጥያቄ መረቡ የት የት እንደገባ ነው። ሰው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አስፋልቱን የሚመቱት ትከሻና ክርን ናቸው፤ የፖሊስተር መረብ ደግሞ በፍትጊያው ሙቀት ቀልጦ ይቀደዳል። ጃኬቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። ደረቱና የክንዱ ውስጠኛ ጎን ብርሃን ቢያሳልፉ መልካም ነው፤ ትከሻውና ክርኑ ግን ቆዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ናይለን ይሁኑ። የአውሮፓው ኢኤን 17092 መለኪያ የተጻፈበት ጃኬት ከሆነ ደረጃው ከውስጥ ይገኛል፤ ሦስት ኤ ጠንካራው፣ አንድ ኤ ቀላሉ ነው። ለረጅም መንገድ እኔ ሁለት ኤ እመርጣለሁ። ሲ የሚል ካዩ ግን መከላከያውን በቦታው ለመያዝ ብቻ የተሠራ ነው።

ለብሰው ክንድዎን ያጥፉና የክርኑን መከላከያ በሌላው እጅዎ ለማዞር ይሞክሩ። ወደ ጎን ከዞረ ሲወድቁም ይዞራል፤ አንድ ቁጥር ያንሱ። «ሰፋ ሲል ይቀዘቅዛል» የሚሉ ሻጮችን አይስሙ።

አየሩ ከሰውነት ሙቀት ሲያልፍ፣ ማለትም ወደ 37 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ነገሩ ይገለበጣል። በመረቡ የሚገባው ነፋስ እንደ ምድጃ ወላፈን ሰውነትን ያሞቃል፤ ላቡንም ሳይታወቅ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ የውስጡን ቲሸርት ውኃ ነክሮ መልበስና ነፋሱን መቀነስ ይሻላል። ለዚህ በዚፕ የሚከፈትና የሚዘጋ የነፋስ መግቢያ ያለው ጃኬት ከሙሉ መረቡ ይበልጣል። ቲሸርቱ ሲደርቅ ቆም ብሎ ውኃ መጠጣትና እንደገና መንከር ነው።

ጓንት ላይ የእጅ ጀርባው መረብ ቢሆን ችግር የለውም፤ መዳፉ ግን ቆዳ ይሁን። የእጅ አንጓውን ማሰሪያ አጥብቀው ጣቶቹን ይጎትቱ፤ ከወለቀ ሲወድቁም ይወልቃል።

ቦት ጫማ ቁርጭምጭሚትን መሸፈን አለበት። በአውሮፓ መለኪያ የተፈተነ ከሆነ በሞተረኛው ምልክት ሥር አራት ቁጥሮች ይታያሉ፤ መጨረሻው ጫማው ከጎን ሲጨፈለቅ የመቋቋም አቅሙን ያሳያል፣ 2 ከ1 ይበልጣል። ለቆላ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለውን አይግዙ፤ ላቡንም በቀላሉ አያስወጣም፣ ካልሲ እንደረጠበ ይውላል።