የሙያ ፈቃድና የምስክር ወረቀት መከታተያ ሰንጠረዥ

የሥልጠና መከታተያ ሰንጠረዥ ዋና ሥራው የእያንዳንዱ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የአንድን ሰው አንድ ሥልጠና ይይዛል፤ ስሙ፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና ማስጠንቀቂያው የሚወጣበት ቀን በየዓምዱ ይሰፍራሉ። ለሥልጠና መመዝገብና ሥልጠናውን መጨረስ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ የመገኘት መዝገቡ ለብቻው ይያዛል። የተሰጠበት ቀን የሚሞላውም ምስክር ወረቀቱ ታይቶ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው የመሠረታዊ ሕይወት አድን ሥልጠና ካርድ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ የሚያበቃውም በወሩ መጨረሻ ነው። አንዲት ነርስ ካርዱን ያገኘችው መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም ማርች 12 ቀን 2024 ቢሆን፣ ቀኖቹ በኤክሴል እንዲህ ይሰላሉ፦

```
=EOMONTH(C2,24)
=D2-60
```

የመጀመሪያው ቀመር ማብቂያውን ማርች 31 ቀን 2026፣ ሁለተኛው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ጃንዋሪ 30 ያደርገዋል። 60 ቀን የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሥልጠናው በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ነርሷ አንዱ ዙር ቢያመልጣት እንኳ ሌላ ዕድል እንድታገኝ ነው። እድሳቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ፈቃድ ከሆነ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ልክ ይቀድማል።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከቀን አጻጻፍ ነው። ሰንጠረዡ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዳለ 03/07/2016 ተብሎ ከገባ፣ እንደ ኮምፒዩተሩ አቀማመጥ የ2016 ማርች 7 ወይም ጁላይ 3 ተደርጎ ይነበባል፤ የጸና ካርድም ዓመታት እንዳለፉት ይታያል። ስለዚህ ቀኑ ተቀይሮ ይገባል፤ የኢትዮጵያው ቀን በሌላ ዓምድ በጽሑፍ ይቀመጣል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። ማብቂያው በቀመር ሳይሆን በእጅ ሲገባ፣ ሰንጠረዡ ቀኑን እንደ ጽሑፍ ሊይዘው ይችላል። ኤክሴል ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ስለሚያወዳድር፣ «ማብቂያው ከዛሬ ያንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አያንስም» ይሆናል፤ ያበቃው ካርድም የጸና ይመስላል። በ=ISNUMBER(D2) ሲፈተሽ FALSE ከወጣ ቀኑ ጽሑፍ ሆኗል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው ለሠራተኛዋም ለኃላፊዋም ይላካል፤ አንዷ ዕረፍት ላይ ብትሆን ሌላኛው ያየዋል። ነርሷ ስለተመዘገበች ብቻ መላኩ አይቆምም፤ የሚቆመው አዲሱ ካርድ ታይቶ ቀኑ ሲገባ ነው። አዲሱ ቀን በአሮጌው ላይ አይጻፍም፤ አዲስ ረድፍ ይከፈትለታል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ነርሷ በአንድ የተወሰነ ቀን የጸና ካርድ እንደነበራት ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው ከአሮጌዎቹ ረድፎች ነው።