ከስልክ እስከ ዴስክቶፕ ሳይዘል የሚያድግ ርዕስ

በስልክ ላይ ልኩን የያዘ የድረ ገጽ ርዕስ በሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ሲከፈት ያንሳል፤ ከሥሩ ካለው ጽሑፍ እምብዛም አይለይም። በኮምፒውተር ያማረው ደግሞ ስልክ ላይ አምስት ስድስት መስመር ይይዝና አንባቢው ገና ጽሑፉን ሳያይ ስክሪኑ ይሞላል። አማርኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ቃሎቻችን ከፊትም ከኋላም ቅጥያ እየደረቡ ይረዝማሉና። «እንደሚያስፈልጋቸው» አንድ ቃል ነው፤ ፊደሉ ግን 11 ነው። ርዕሱ ከመጠን በላይ ከተለቀ እንዲህ ያለው ቃል ከስልኩ ጠርዝ አልፎ ይወጣል።

ለብዙ ዓመታት የድረ ገጽ ሠሪዎች መፍትሔ ስክሪኖችን በስፋታቸው ከፋፍሎ ለየክፍሉ የተለየ መጠን መስጠት ነበር። ኢታን ማርኮት በ2010 ባወጣው ጽሑፍ መንገዱን ካስተዋወቀ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። ለምሳሌ ከ768 ፒክስል በታች ርዕሱ 28 ፒክስል፣ ከዚያ ጀምሮ 44 ፒክስል ይሁን ይባላል። አሠራሩ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን 767 ፒክስል በሚሰፋ መስኮት 28 የነበረው ርዕስ አንድ ፒክስል ሲጨመር በአንዴ በ16 ፒክስል ይዘላል። ቀጥ ተደርጎ የተያዘ ታብሌት ለዴስክቶፕ የታሰበውን ትልቅ ርዕስ ይሸከማል፤ አግድም የተያዘ አነስተኛ ስልክ ደግሞ ሰፊ ቦታ እያለው በትንሹ ርዕስ ይቀራል። መካከለኛ ደረጃዎች ቢጨመሩም ዝላዩ ያጥራል እንጂ አይጠፋም።

መጠኑን ከመስኮቱ ስፋት ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ መለኪያ አለ፦ `vw`። 1vw የመስኮቱ ስፋት አንድ መቶኛ ነው። ርዕሱን 4vw ብንለው በ360 ፒክስል ስልክ 14.4 ፒክስል ይሆናል፤ ይህ ከተራ ጽሑፍ ያነሰ ነው። በ1920 ፒክስል ስክሪን ደግሞ 76.8 ይደርሳል። ለስላሳ ነው፤ ልጓም ግን የለውም።

ልጓሙን ያመጣው `clamp` ነው። ክሮም በዲሴምበር 2019፣ ሳፋሪ በማርች 2020፣ ፋየርፎክስ በኤፕሪል 2020 ተቀብለውታል (ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር)፤ ስለዚህ ዛሬ ያለ ስጋት የሚጻፍ ነው። ሦስት ዋጋዎች ይቀበላል፦ ወለል፣ እንደ ስፋቱ የሚለዋወጥ መካከለኛ፣ እና ጣሪያ። መካከለኛው ከወለሉ ካነሰ ወለሉ ይያዛል፤ ከጣሪያው ካለፈ ጣሪያው ይያዛል።

ዋናው ሥራ መካከለኛውን ማስላት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ እየገመቱ ቁጥር ይቀያይራሉ፤ ሒሳቡ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው የቀጥታ መስመር ሒሳብ ነው። ርዕሳችን በ360 ፒክስል ስፋት 28፣ በ1160 ፒክስል ስፋት 44 ይሁን እንበል። ስፋቱ በ800 ሲያድግ ርዕሱ በ16 ያድጋል። 16 ለ800 ሲካፈል 0.02 ነው፤ ይህም ማለት 2vw። በ360 ስፋት 2vw የሚሰጠን 7.2 ፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ 28 ለመሙላት 20.8 ይቀራል። የአሳሹ መነሻ የፊደል መጠን ብዙውን ጊዜ 16 ፒክስል ነው፤ ያም 1rem ይባላል። 20.8ን ለ16 ስናካፍል 1.3rem እናገኛለን። ወለሉና ጣሪያውም በዚያው መንገድ ይቀየራሉ፦

```css
h1 {
  font-size: clamp(1.75rem, 1.3rem + 2vw, 2.75rem);
  line-height: 1.3;
}
```

በ768 ፒክስል ታብሌት ይህ ርዕስ 36 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ 28ም 44ም ያልሆነ፣ ለስፋቱ የሚገባ መጠን። ከ1160 በላይ መስኮቱ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ 44 ላይ ይቆማል።

ያ 1.3rem ለሒሳቡ ማሟያ ብቻ አይደለም። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ገጹን ሲያጎላ አሳሹ መስኮቱን በዚያው ልክ እንደጠበበ ይቆጥረዋል። 1280 ፒክስል የነበረው በ200 በመቶ ሲጎላ 640 ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ በ`vw` ብቻ የተጻፈ ርዕስ መለኪያው በግማሽ ይወርድና ማጉላቱ እጥፍ ሲያደርገው ተመልሶ እዚያው ይገኛል፤ አንባቢው ቢያጎላ ቢያጎላ ፊደሉ አይነቃነቅም። በ`rem` የተጻፈው ክፍል ግን ከማጉላቱ ጋር ያድጋል። የኛን ርዕስ ብናሰላው በ200 በመቶ ማጉላት ከ44 ወደ 67 ገደማ ያድጋል፤ እጥፍ ለመሆን 300 በመቶ ይጠይቃል። ደብልዩካግ የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ መጉላት እንዲችል ይጠይቃል፤ ርዕሳችን ዘግይቶም ቢሆን እዚያ ይደርሳል። እኔ ጣሪያው ከወለሉ ሁለት እጥፍ እንዳይበልጥ አደርጋለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ማጉላቱ ይበልጥ ይዳከማልና። የሠራችሁትን ለመፈተን ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን ደጋግማችሁ ተጫኑና ርዕሱ ከተራው ጽሑፍ ጋር ማደጉን ተመልከቱ።

በሥራ ላይ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ስሕተት የመደመር ምልክቱ ነው። በግራና በቀኙ ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ማለትም `1.3rem+2vw` ተብሎ ከተጻፈ፣ አሳሹ መስመሩን በሙሉ ይጥለዋል። የስሕተት መልእክት ስለማይወጣ ምልክቱ ርዕሱ መስኮቱ ቢጠብም ቢሰፋም በአንድ መጠን መቆየቱ ነው፤ በአሳሹ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥም መስመሩ ተሰርዞበት ይታያል። ሌላው ከስልክ ጋር የተያያዘ ነው። በገጹ ራስጌ ይህ መስመር ከሌለ ስልኩ ራሱን 980 ፒክስል የሚሰፋ አድርጎ ይቆጥራል፦

```html
<meta name="viewport" content="width=device-width, initial-scale=1">
```

ያን ጊዜ `clamp` ለ980 የሚገባውን 40 ፒክስል ገደማ ያወጣል፤ ከዚያ ገጹ በሙሉ ተጨምቆ ስልኩ ላይ ይገባል። ርዕሱም ጽሑፉም አብረው ካነሱ ቀድማችሁ ይህን መስመር ፈልጉ።

የመስመር ርቀቱ ያለ መለኪያ 1.3 ተብሎ መጻፉም በምክንያት ነው። 36 ፒክስል ብለን ብንቆልፈው በስልክ ያምራል፤ በዴስክቶፕ ግን 44 ፒክስል ፊደል በ36 ፒክስል መስመር ውስጥ ይታጨቅና የላይኛው መስመር እግር ከታችኛው ራስ ጋር ይነካካል። የግዕዝ ፊደል ትንሽና ትልቅ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል፤ እናም ለላቲን የሚበቃው 1.1 ለኛ ይጠባል።

ወለሉን ስትመርጡም ከላቲን ገጽ ላይ የተቀዳ ቁጥር አትመኑ። በርዕሶቻችሁ ውስጥ ያለውን ረጅሙን ቃል ወስዳችሁ በ320 ፒክስል ስፋት ሞክሩት፤ ገጹ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ ቃሉ ወጥቷልና ወለሉን ዝቅ አድርጉ። የተራው ጽሑፍ መጠን ግን ባይለጠጥ እመርጣለሁ፤ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የሚለወጠው በአንድ ሁለት ፒክስል ስለሆነ ቋሚ ሆኖ ይበቃዋል።

`vw` የማያየው አንድ ነገር አለ። የሚለካው መስኮቱን እንጂ ርዕሱ የተቀመጠበትን ሳጥን አይደለም። በሰፊ ስክሪን ጎን ባለች 300 ፒክስል ጠባብ ዓምድ ውስጥ ያለ ርዕስ መስኮቱን ተከትሎ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ለዚህ ከ2023 ጀምሮ በሁሉም ዋና ዋና አሳሾች የሚሠራ `cqi` የሚባል መለኪያ አለ፤ 1cqi የሳጥኑ ስፋት አንድ መቶኛ ነው። ሳጥኑን `container-type: inline-size` ብሎ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በ`clamp` ውስጥ በ`vw` ቦታ `cqi` ይገባና ሒሳቡ በሳጥኑ ስፋቶች እንደገና ይሠራል።