ሸሪክ ለግሉ የወሰደው ገንዘብ ለምን ወጪ አይሆንም?

አዳማ ላይ ሁለት ሰዎች በእኩል ድርሻ አንድ ዳቦ ቤት ይዘዋል እንበል። እያንዳንዳቸው 500 ሺህ ብር አዋጥተዋል። አንደኛው ዳቦ ቤቱን የመሠረተው ነው፤ ሁለተኛዋ በዓመቱ መጀመሪያ የገባች አዲስ ሸሪክ ናት። መሥራቹ በየወሩ ለመኖሪያ ቤቱ ኪራይ 20 ሺህ ብር፣ በዓመት 240 ሺህ ብር ከካዝና ወስዷል። እሷ ደግሞ ለልጆቿ ትምህርት ቤት 40 ሺህ ብር ወስዳለች። ሒሳቡ ሲዘጋ ግን ሁለቱም ገንዘቦች በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አዲሷ ሸሪክ ግራ ገብቷት የሒሳብ ባለሙያውን ብትጠይቅ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚጽፍላት ደብዳቤ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ይህ ገንዘብ ባይወጣ ኖሮ ዳቦው ይጋገር ነበር ወይ?

ለዱቄት፣ ለእርሾ፣ ለመብራት፣ ለጋጋሪዎች ደመወዝና ለሱቁ ኪራይ የወጣው ብር ባይከፈል ኖሮ ምድጃው አይነድም፣ ሽያጭም የለም። ወጪ የሚባለው ይህ ነው። የመሥራቹ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ግን ለአንዲት ዳቦ እንኳ መጋገር ምክንያት አልሆነም። ከካዝና የወጣ ገንዘብ ሁሉ ወጪ ነው የሚለው ግምት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የባንክ ብድር ዋናው ሲመለስም ገንዘብ ይወጣል፣ ወጪ ግን አይባልም። ባለቤቱ ለግሉ የወሰደው ብር ከራሱ ካፒታል ላይ የተቀነሰ ነው። የሒሳብ ሰዎች «ድሮዊንግ» ብለው በእያንዳንዱ ሸሪክ ስም በተለየ ሒሳብ ይይዙታል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ከዚያው ሸሪክ ካፒታል ያወራርዱታል።

ይህን የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ሸሪክን ያስጎዳል። ዳቦ ቤቱ በዓመቱ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ሸጦ እውነተኛ ወጪው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከሆነ ትርፉ 600 ሺህ ብር ነው። ግብሩን ለጊዜው ትተን ትርፉን እኩል ስናካፍል ለእያንዳንዳቸው 300 ሺህ ይደርሳቸዋል። የመሥራቹ ካፒታል 500 ሺህ ሲደመር 300 ሺህ፣ ሲቀነስ የወሰደው 240 ሺህ፣ 560 ሺህ ብር ይሆናል። የአዲሷ ሸሪክ ደግሞ በዚያው ስሌት 760 ሺህ ይሆናል።

አሁን ሁለቱ የወሰዱት 280 ሺህ ብር በወጪ ይመዝገብ። ትርፉ ወደ 320 ሺህ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዳቸው 160 ሺህ ይደርሳል፤ የሁለቱም ካፒታል 660 ሺህ ይሆናል። አዲሷ ሸሪክ 100 ሺህ ብር አጣች፣ መሥራቹ ያንኑ 100 ሺህ አገኘ። ወጪ በድርሻ ልክ ለሁለቱ ስለሚከፈል የመሥራቹን የቤት ኪራይ ግማሽ የከፈለችው እሷ ናት፤ ከእሷ የትምህርት ቤት ክፍያም ግማሹን እሱ ሸፍኗል። ክፋቱ፣ የሁለቱ ካፒታል ድምር በሁለቱም መንገድ 1 ሚሊዮን 320 ሺህ ብር ነው። ካዝናው ሲቆጠር ይገጥማል፣ ባንኩም ይገጥማል፤ ስሕተቱን የሚያሳይ ጉድለት የለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ከአንድ ኩንታል ዱቄት የሚወጣው ዳቦና የመሸጫ ዋጋው ሳይለወጥ፣ የዱቄትና የመብራት ዋጋም ሳይጨምር ትርፉ ከቀነሰ የወጪ መዝገቡን ገልጦ ማየት ይገባል። በተለይ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለው መስመር ካበጠ፣ ከበስተኋላው በዳቦ ቤቱ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ግብሩም አለ። በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሽርክና ማኅበር እንደ ድርጅት ስለሚቆጠር ከግብር የሚከፈልበት ገቢው 30 በመቶ ይከፍላል፤ ለባለድርሻ የተከፈለ ትርፍም ተቀናሽ ወጪ አይሆንም። 280 ሺህ ብር በወጪ ስም ከተሸሸገ ግብሩ በ84 ሺህ ብር ያንሳል። ኦዲተር ሲያገኘው መልሶ ከትርፉ ጋር ይደምረዋል፤ ቅጣትና ወለድም ይከተላል።

ብር ብቻም አይደለም የሚወሰደው። ሸሪኩ ለቤቱ አንድ ኩንታል ዱቄት ካስጫነ፣ ዱቄቱ በተገዛበት ዋጋ በስሙ ድሮዊንግ ላይ ይጻፋል፣ ከግዢው ላይም ይቀነሳል። በተቃራኒው አንደኛው የዳቦ ቤቱን የመብራት ሒሳብ ከኪሱ ቢከፍል ያ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ዳቦ ቤቱም ገንዘቡን ይመልስለታል ወይም በስሙ ይይዝለታል። ስለዚህ ባለሙያው በደብዳቤው መጨረሻ ከሁለቱም የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ነው፦ በየወሩ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደወሰደ በየስማቸው የተጻፈበት፣ ሁለቱም የፈረሙበት።