ቆሞ የነበረው ደም ለምን እንደገና ፈሰሰ? የፕሌትሌት ውታፍና የደም መርጋት ሰንሰለት በአንድ ታማሚ ምሳሌ

የመጀመሪያውን የፊዚዮሎጂ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች ስለ ደም መርጋት ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት የፋክተሮችን ዝርዝር ነው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሸምድደው ይመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያነቃ የሚያሳዩ ቀስቶችንም ይሥላሉ። ጥያቄው ግን ስለ አንድ ደም ስለሚፈሰው ሰው ሲሆን ከቀስቶቹ መካከል የትኛው እንደተበጠሰ መለየት ያስቸግራቸዋል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ከዝርዝሩ ሳይሆን ከታማሚ ይነሣል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምትኖር የ34 ዓመት ሴት እንውሰድ። ታማሚዋ ለምሳሌ የታሰበች ናት፤ ታሪኳ ግን የሩማቲክ የልብ ሕመም በተስፋፋበት አገራችን እንግዳ አይደለም። በልጅነቷ በያዛት የሩማቲክ ትኩሳት ሳቢያ ሚትራል የተባለው የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ በሰው ሠራሽ ሜካኒካል ቫልቭ ተተክቷል። በቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን በየቀኑ ትወስዳለች። ፋሲካ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመንጋጋ ጥርሷ ተነቀለ። ጎዝ ነክሳ ተቀመጠች፤ ደሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቆመና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን ከዚያው ከጥርሱ ጉድጓድ ደም ይንጠባጠብ ጀመር፤ ሌሊቱንም አላቋረጠም።

የዚህ ታሪክ ቁልፍ ደሙ መፍሰሱ ሳይሆን በመጀመሪያ መቆሙ ነው። አሥር ደቂቃ ውስጥ ያቆመው ምንድን ነው? ከአምስት ሰዓት በኋላስ የጎደለው?

የደም ሥር ሲቆረጥ በመጀመሪያ ይኮማተራል፤ ይህ ፍሰቱን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጉት ፕሌትሌቶች ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱ እነዚህ ኒውክሊየስ አልባ የህዋስ ቁራጮች ጤናማ በሆነው የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ላይ አይጣበቁም። ሽፋኑ ሲቀደድ ግን ከሥሩ ያለው ኮላጅን ይጋለጣል። በፕላዝማ የሚዘዋወረው ቮን ቪሌብራንድ ፋክተር በአንድ ወገኑ ኮላጅኑን፣ በሌላው ወገኑ ደግሞ ፕሌትሌቱን ይይዛል። ደም በፍጥነት በሚፈስበት ሥፍራ ፕሌትሌቱን ከግድግዳው ጋር አቆራኝቶ የሚያስቀረው ይህ ድልድይ ነው።

የተጣበቀው ፕሌትሌት ቅርጹን ይለውጣል፤ ድቡልቡል የነበረው እሾሃማ ይሆናል። በውስጡ ያከማቸውን ኤዲፒ ይለቃል፤ ትሮምቦክሴን የተባለውንም ይሠራል። ሁለቱም በአካባቢው ያሉትን ሌሎች ፕሌትሌቶች ይቀሰቅሳሉ። የተቀሰቀሱት ደግሞ በመካከላቸው በሚዘረጋ የፋይብሪኖጅን ድልድይ ይያያዛሉ። በዚህ መንገድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቀዳዳውን የሚደፍን ውታፍ ይሠራል። ለታማሚያችን በአሥር ደቂቃ የደረሰላት ይህ ነው። የፕሌትሌቷ ብዛት 240,000 ሆኖ ተገኝቷል፤ ውታፉ የተሠራው በሰዓቱ ነው።

ይሁን እንጂ ውታፉ በጭቃ እንደተለሰነ ማገር የለሽ ግድግዳ ነው። ምራቅ ሲያጥበው፣ ምላስ ሲነካው፣ የተኮማተረው የደም ሥር ሲለቀቅና ግፊቱ ሲመለስ ይፈርሳል። የሚያጸናው ማገር ፋይብሪን ነው፤ የመርጋት ሰንሰለት የሚባለው ሁሉ የሚሠራውም ይህን ክር ለመፍተል ነው።

ሰንሰለቱን በ1964 ማክፋርሌን፣ እንዲሁም ዴቪና ራትኖፍ በተናጠል እንዳቀረቡት አንዱ ኢንዛይም ቀጣዩን የሚያነቃበት ተዋረድ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ውስጣዊና ውጫዊ ብለው በሁለት ጎዳና ይከፍሉታል። ይህ አከፋፈል በመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚሆነውን በትክክል ይገልጻል፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ሁለቱ ጎዳናዎች ጎን ለጎን የሚሄዱ ሳይሆኑ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚያስፋፋው ናቸው። በ2001 ሆፍማንና ሞንሮ ያቀረቡት በህዋስ ላይ የተመሠረተ ሞዴል ይህን ስለሚያሳይ ለጀማሪም ቢሆን እርሱን አስቀድሞ መማር የሚቀል ይመስለኛል።

ጅማሬው ከደም ሥሩ ውጭ ባሉ ህዋሳት ላይ የሚገኘው ቲሹ ፋክተር ነው። ሥሩ ሲቆረጥ ከደሙ ጋር ይገናኝና ፋክተር 7ን ይይዛል። ሁለቱ በጋራ ፋክተር 10ን ያነቃሉ፤ ፋክተር 10 ደግሞ ጥቂት ፕሮትሮምቢንን ወደ ትሮምቢን ይለውጣል። ይህ የመጀመሪያው ትሮምቢን በቂ ፋይብሪን ለመሥራት እጅግ አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ ይህን በር የሚዘጋ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አለና ቲሹ ፋክተር የጀመረው ሥራ ወዲያው ይገታል።

ጥቂቱ ትሮምቢን ግን ከመጥፋቱ በፊት ፕሌትሌቶችን ያነቃል፤ ፋክተር 5ን፣ 8ንና 11ንም ያስነሣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ፕሌትሌቶቹ ገጽ ይዛወራል። በዚያ ፋክተር 9 ከ8 ጋር ተጣምሮ ብዙ ፋክተር 10 ያነቃል፤ ፋክተር 10ም ከ5 ጋር ተጣምሮ ትሮምቢንን በገፍ ያመርታል። ትሮምቢኑ ፋይብሪኖጅንን ቆርጦ ፋይብሪን ያደርገዋል፤ ፋክተር 13 ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል። እንግዲህ ውታፉ ሰንሰለቱ የሚሠራበት መደብ ነው፤ ሁለቱ ምዕራፎች ተለያይተው የሚጠኑት ለማስተማር እንዲመች ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ የተረዳው ተማሪ ሁለት የተለመዱ የፈተና ጥያቄዎችን ያለ ሽምደዳ ይመልሳል። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ውጫዊው ጎዳና ሙሉ ሆኖ ሳለ ለምን ይደማል? ያ ጎዳና ክብሪት ነው እንጂ ማገዶ ስላልሆነና ፋክተር 8 ወይም 9 ከሌለ የማስፋፊያው ምዕራፍ ስለሚቀር ነው። ፋክተር 12 የሌለው ሰውስ የቱቦ ምርመራው በጣም ዘግይቶ እያለ ለምን አይደማም? ፋክተር 12 የሚቀሰቀሰው በመስታወቱ ገጽ ስለሆነና ቁስልን ለመዝጋት ስለማያስፈልግ ነው። (ፋክተር 6 የሚባል የለም፤ በኋላ የነቃው ፋክተር 5 ራሱ መሆኑ ስለታወቀ ቁጥሩ ባዶ ቀርቷል። ፈልጎ የሚያጣው ተማሪ አይጨነቅ።)

ወደ ታማሚያችን እንመለስ። ፋክተር 2፣ 7፣ 9 እና 10 ጉበት ውስጥ ከተሠሩ በኋላ በቫይታሚን ኬ አማካይነት አንድ ተጨማሪ ሥራ ይቀራቸዋል፤ ግሉታሜት በተባሉት አሚኖ አሲዶቻቸው ላይ ሁለተኛ የካርቦክሲል ቡድን ይጨመራል። ካልሲየም የሚይዙት በዚህ ነው፤ በካልሲየም በኩልም የፕሌትሌቱን ገጽ ይጨብጣሉ። ዋርፋሪን ያገለገለው ቫይታሚን ኬ ታድሶ እንደገና እንዳይሠራ ያግዳል። ስለዚህ ፋክተሮቹ ይሠራሉ፤ መጨበጫ ግን የላቸውም።

ጎመንን የመሰሉ ቅጠላማ አትክልቶች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው። ታማሚያችን በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ጎመን በየዕለቱ ትበላ ነበር፤ የዋርፋሪኗም መጠን በዚያ አመጋገብ ላይ ሳለች ከፍ ብሎ ተስተካክሏል። ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ ቀረ፤ የመድኃኒቱ መጠን ግን እንደነበረ ቀጠለ። የመጠን ልኬቱ የሚታወቀው በፕሮትሮምቢን ጊዜ ነው። ይኸውም ፕላዝማው ላይ ቲሹ ፋክተርና ካልሲየም ተጨምሮ እስኪረጋ ያለው ሰከንድ ነው። ማነቃቂያው ከአምራች ወደ አምራች ስለሚለያይ ውጤቱ አይኤንአር ወደሚባል የጋራ መለኪያ ይለወጣል፤

INR = (PT ÷ PT₀)^ISI

PT የታማሚዋ ሰከንድ፣ PT₀ የጤናማ ሰዎች አማካይ፣ ISI ደግሞ የማነቃቂያው የትብነት መለኪያ ነው። አማካዩ 12 ሰከንድ፣ ISI 1.2 ነው እንበል። በጾሙ ወቅት 30 ሰከንድ ነበራት፤ 2.5 በ1.2 ሲነሣ 3.0 ይሆናል። ለሜካኒካል ሚትራል ቫልቭ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 በመሆኑ ልክ ነበረች። ጥርሱ በተነቀለበት ሌሊት የተወሰደው ግን 46 ሰከንድ ነው፤ ውጤቱ 5.0 ገደማ ይደርሳል።

ይህን ቁጥር ከማመን በፊት ቱቦውን ማየት ይገባል። ቱቦው 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ይዞ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይጠብቃል። ግማሽ ብቻ ከተሞላ ትርፍ ሲትሬቱ በምርመራው የሚጨመረውን ካልሲየም ያስርና ጤናማው ደም ሳይቀር የዘገየ ይመስላል። የታማሚያችን ቱቦ እስከ ምልክቱ የሞላ ነበር፤ ደሟ መፍሰሱም ከቁጥሩ ጋር ይስማማል።

አስፒሪን የወሰደ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይለወጥ ነበር። አስፒሪን ትሮምቦክሴን የሚሠራውን ኢንዛይም ለዘለቄታው ያሰናክላል፤ ፕሌትሌቱ ኒውክሊየስ ስለሌለው እስኪሞት ድረስ፣ ይኸውም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አይተካውም። የእንዲህ ያለው ሰው ደም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በቀላሉ አይቆምም፤ የፕሮትሮምቢን ጊዜው ግን መደበኛ ሊሆን ይችላል።

ለታማሚያችን ፕሌትሌት መስጠት እንግዲህ ትርጉም የለውም። ጉድጓዱን በጎዝ መጫን፣ የተሠራውን ፋይብሪን ከመሟሟት የሚጠብቀውን ትራኔክሳሚክ አሲድ በአፍ መጉመጥመጥና ዋርፋሪኑን ለጊዜው ማቆም ይበቃ ይሆናል። ቫይታሚን ኬ ቢሰጥም ጉበት መጨበጫ ያላቸውን አዲስ ፋክተሮች እስኪሠራ ድረስ ሰዓታት ይፈልጋል፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም የመርጋት አደጋ ይመጣል። ደም መፍሰሱ ለሕይወት የሚያሰጋ ቢሆን ፋክተሮቹን ራሳቸውን የያዘ ፕላዝማ ወይም የተጠናከረ የፋክተር ዝግጅት መስጠት ያስፈልጋል።

ዋርፋሪኑ ሲቀጥል አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ከአራቱ ፋክተሮች ቶሎ የሚያልቀው 7 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን የፕሮትሮምቢን ግን 60 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይኤንአር ከፍ ማለቱ ፋክተር 7 መጉደሉን እንጂ ቫልቩ መጠበቁን አያሳይም፤ ፕሮትሮምቢኑ እስኪቀንስ በርካታ ቀናት ያልፋሉ።