ብድር ድህነትን ይቀንሳልን? የቀደሙ ጥናቶችን በጭብጥና በስልት አቀናጅቶ መዳሰስ፦ ማንኪራን ለሚያጠና ተመራማሪ

ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ በሚገኘው ማንኪራ፣ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በአብዛኛው የሚቆመው በጫካ ቡና፣ በማርና በእንሰት ላይ ነው። በዚህ አካባቢ የአነስተኛ ብድር አገልግሎት ድህነትን ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም ብሎ የሚጠይቅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ መስክ ከመውረዱ በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ማለትም የተዛማጅ ጽሑፎችን ዳሰሳ፣ መጻፍ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ ይህ ምዕራፍ ጥናቶችን በዓመተ ምሕረት ተራ እየደረደረ ይሄድና፣ አንዱ አዎንታዊ ውጤት አገኘ፣ ሌላው አላገኘም ካለ በኋላ «ውጤቱ የተደበላለቀ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ስሕተት ባይኖርበትም ለምን እንደተደበላለቀ ስለማይናገር ለቀጣዩ ጥናት የሚያወርሰው ነገር የለም።

ችግሩን ለማየት ከኢትዮጵያ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው ጉሽ በርሃኔና ኮርኔሊስ ጋርደብሩክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ነው። ጥናቱ በትግራይ የደደቢት ብድርና ቁጠባ ተቋም ይሠራባቸው ከነበሩ የገጠር አካባቢዎች 351 ቤተሰቦችን በ1997፣ በ2000፣ በ2003 እና በ2006 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ እየተመላለሰ ተከታትሏል። የድህነት መለኪያው የቤተሰቡ ዓመታዊ ፍጆታና የመኖሪያ ቤት መሻሻል ሲሆን፣ ውጤቱም ብድር ሁለቱንም ከፍ እንዳደረገ፣ ጭማሪውም በብድር ላይ በቆዩት ዓመታት ብዛት እንደሚወሰን ያሳያል። ሁለተኛው አሌሳንድሮ ታሮዚ፣ ጃይኪሻን ዴሳይና ክሪስቲን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ነው። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች 133 የገጠር ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው፣ ለአንዳንዶቹ የብድር አገልግሎት፣ ለአንዳንዶቹ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ለአንዳንዶቹ ሁለቱም እንዲቀርብ ተደረገ፤ ቀሪዎቹ ለንጽጽር ተተዉ። መረጃው በ2003 እና በ2006 እ.ኤ.አ. ተሰበሰበ። በብድር ቀበሌዎች የተበዳሪው ቁጥር በግልጽ ጨመረ፤ ነገር ግን በግብርና ገቢ፣ በእንስሳት ርባታ፣ በልጆች ትምህርትና በሴቶች የመወሰን አቅም ረገድ፣ ከተለኩት ነገሮች በአብዛኛዎቹ ላይ ለውጥ አለ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

ሁለቱም ጥናቶች የአንድ ሀገር ናቸው፤ የመጨረሻ መረጃቸውም የአንድ ዓመት ነው። በጭብጥ ብቻ የሚደራጅ ዳሰሳ ሁለቱን «ብድርና የቤተሰብ ኑሮ» በሚል ንዑስ ርእስ ሥር አስቀምጦ ተቃራኒ ያደርጋቸዋል። በስልት ብቻ የሚደራጀው ደግሞ አንዱን «ተከታታይ መረጃ»፣ ሌላውን «በዕጣ የተመደበ ሙከራ» በሚሉ ርእሶች ሥር ለያይቶ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ጠቃሚው መንገድ ጭብጥን የምዕራፉ አከፋፈል፣ ስልትን ደግሞ በእያንዳንዱ ጭብጥ ውስጥ የንጽጽር መስፈሪያ ማድረግ ነው።

ይህን ለማድረግ ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት አንድ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ረድፍ ይይዛል። በዓምዶቹ ውስጥ ደራሲና ዓመት ከመሙላት በላይ የሚያስፈልጉት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ ድህነት በምን ተለካ? ተበዳሪው ከማን ጋር ተነጻጸረ? የተገመተው ውጤት የማን ነው፣ የተበዳሪው ወይስ የመላው ቀበሌ? ብድሩ ከተጀመረ ስንት ዓመት በኋላ ተለካ? ከአራቱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚቀረው ሦስተኛው ነው፤ የሁለቱን የኢትዮጵያ ጥናቶች ልዩነት በከፊል የሚፈታውም እርሱ ነው።

የትግራዩ ጥናት የሚገምተው በተበደሩት ላይ የደረሰውን ለውጥ ነው። የአማራና የኦሮሚያው ጥናት ግን የተበደረውንም ያልተበደረውንም አንድ ላይ አድርጎ፣ አገልግሎቱ የቀረበበትን ቀበሌ አማካይ ካልቀረበበት ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ በቀላል ስሌት ይታያል። አገልግሎቱ በመቅረቡ ምክንያት ከ100 ቤተሰቦች ተጨማሪ 25ቱ ተበደሩ፣ እያንዳንዱ ተበዳሪም በዓመት 400 ብር አተረፈ እንበል። ጠቅላላው ትርፍ 10,000 ብር ነው፤ ለ100 ቤተሰብ ሲካፈል ግን የቀበሌው አማካይ ጭማሪ 100 ብር ብቻ ይሆናል። የገጠር ገቢ ከቤት ቤትና ከዓመት ዓመት እጅግ ስለሚለያይ 100 ብር በዚያ ውጥንቅጥ ውስጥ ተውጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ለውጥ አለ ለማለት አልተቻለም» የሚለው ግኝት «ተበዳሪዎች አልተጠቀሙም» ማለት አይደለም፤ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ መጻፍ በዚህ ዘርፍ ዳሰሳዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። በተቃራኒው የቀበሌ አማካይ የሚይዘው፣ የተበዳሪው ጥናት ግን የማያየው ነገርም አለ፦ ተበዳሪው ከጎረቤቱ ገበያ ሲሻማ ወይም ጎረቤቱን ሲቀጥር የሚፈጠረው ለውጥ።

አራተኛው ጥያቄም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ሙከራው የለካው ቢበዛ የሦስት ዓመት አገልግሎትን ሲሆን፣ የትግራዩ ጥናት ዘጠኝ ዓመት ይሸፍናል፤ ውጤቱም በተደጋጋሚ ብድር እንደሚጠራቀም ይናገራል። ይሁንና ዳሰሳው እዚህ ላይ «ጊዜ ሲረዝም ውጤቱ ይመጣል» ብሎ ቢደመድም ይቸኩላል። ተከታታይ መረጃ የቤተሰቡን የማይለወጥ ባሕርይ፣ ለምሳሌ ታታሪነትን ወይም የመሬቱን ለምነት፣ ከስሌቱ ለማውጣት ያስችላል፤ ጋርደብሩክና በርሃኔ ደግሞ ከዚህ አልፈው የየቤተሰቡን የራሱን የዕድገት አካሄድ ለመያዝ ሞክረዋል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ድንገት የመጣ ዕድል ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ለመበደርም ለመበልጸግም ካነሣሣው፣ ስልቱ ሁለቱን መለየት ያስቸግረዋል። በዕጣ የተመደበው ሙከራ ይህ ችግር የለበትም፤ የእርሱ ድካም ሌላ ነው። አንዳንድ ቀበሌዎች ከተመደበላቸው ዕጣ ውጭ ሆነው ተገኝተዋል፤ በሁለቱ ዙሮች የተጠየቁትም በየቀበሌው አዲስ የተመረጡ ቤተሰቦች እንጂ አንድ ዓይነት ቤተሰቦች አልነበሩም።

ከዚህ በኋላ የሚጻፈው አንቀጽ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በተበዳሪ ቤተሰቦች ላይ ያተኮረው የረጅም ጊዜ ክትትል የፍጆታና የቤት መሻሻልን ሲያሳይ፣ መላውን ቀበሌ የለካው የሦስት ዓመት ሙከራ በአብዛኞቹ መለኪያዎች ለውጥ አላሳየም። ልዩነቱ ከሚለካው ሕዝብና ከጊዜው ርዝመት ሊመነጭ ይችላል፤ በመጀመሪያው ጥናት ውስጥ የቀረ የመረጣ አድልዎም ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያለው መረጃ ሁለቱን ለመለየት አያበቃም።» አንቀጹ ከ«ተደበላልቋል» ብዙም አይረዝምም፤ ግን ቀጣዩ ጥናት ምን መለካት እንዳለበት ይናገራል።

ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ዳሰሳ የሚያደርግ ተማሪ በብዛት የሚያገኘው በአንድ ጊዜ መጠይቅ የተሠሩ ጥናቶችን ነው፤ ተበዳሪንና ያልተበደረን በአንድ ወቅት ጠይቀው ያነጻጽራሉ። ብዙዎቹ ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ የተባለውን፣ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን የማጣመር ስልት ይጠቀማሉ። እነዚህን ሲመዝኑ አንድ ገጽ መፈተሽ ይበቃል፦ ቤተሰቦቹ የተጣመሩባቸው ነገሮች የተለኩት ከብድሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በበሬ ብዛት የተጣመሩ ከሆነና በሬው ከብድሩ በኋላ ከተቆጠረ፣ በብድር በሬ የገዛው ሰው ከመጀመሪያውም በሬ ከነበረው ያልተበደረ ሰው ጋር ይጣመራል፤ ሊለካ የተፈለገው ለውጥም በማጣመሩ ይሰረዛል። አዲስ ደንበኛን ከነባር ደንበኛ የሚያነጻጽሩ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አላቸው፤ ዕዳው የከበደባቸውና የወጡት ሰዎች ከነባሮቹ መካከል ስለማይገኙ፣ የቀሩት ነባሮች ከእውነታው በላይ የተሳካላቸው ይመስላሉ። ጥናቱ የወጡትን ፈልጎ ጠይቆ እንደሆነ በናሙና አመራረጥ ክፍሉ ይታወቃል።

በሠንጠረዡ ላይ ረድፍ ሲቆጠር ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ የሚቆጠረው የጽሑፍ ብዛት ሳይሆን የመረጃ ምንጭ ብዛት ነው። ማርክ ፒትና ሻሂዱር ካንድከር እ.ኤ.አ. በ1998 በባንግላዴሽ ለሴቶች የተሰጠ እያንዳንዱ 100 ታካ ብድር የቤተሰቡን ዓመታዊ ፍጆታ በ18 ታካ እንደሚጨምር አሳተሙ፤ ቁጥሩም በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ። ጆናታን ሞርዱክ ቆይቶም ዴቪድ ሩድማን ያንኑ መረጃ እንደገና ሲያሰሉት ግን ብድሩ ለፍጆታው መጨመር ምክንያት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሆኖ አላገኙትም። እነዚህን ጽሑፎች እንደ ነጻ ምስክሮች የሚቆጥር ዳሰሳ አንዱን መንደር ደጋግሞ ይቆጥራል።

አሁን ሠንጠረዡን ይዞ ወደ ማንኪራ መመለስ ይቻላል። በካፋ የገጠር ብድር ለረጅም ጊዜ በዋናነት ይቀርብ የነበረው፣ ኋላ ወደ ባንክነት በተሸጋገረው በኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ነው። ከላይ የታዩት ሁለት ጥናቶች ግን የሌሎች ተቋማትና የሌሎች አካባቢዎች ናቸው። ስለዚህ «ድህነት በምን ተለካ?» የሚለው ዓምድ እዚህ ላይ አዲስ ክብደት ያገኛል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ነው፤ ብድር ያገኘ ቤተሰብ ያልበሰለውን እንሰት ከመንቀል ቢድን፣ በዚያ ዓመት የፍጆታ መጠይቅ ላይ የሚታይ ጭማሪ የለም፤ የተጠበቀው ግን ከጓሮው ቆሟል። ቡና ሳይለቀም ለነጋዴ በርካሽ መሸጥ በቡና አብቃይ አካባቢዎች የታወቀ የችግር ጊዜ መውጫ ነው፤ ብድር ይህን ቢያስቀር ጥቅሙ በምርት መጠን ሳይሆን በዋጋ ላይ ነው የሚገኘው። መጠይቁ የተሞላበት ወርም ለውጥ ያመጣል፤ በክረምት፣ ቡናው ሳይደርስ የተጠየቀና ለቀማው አልቆ ገንዘብ በእጁ ሲገባ የተጠየቀ አንድ ቤተሰብ ሁለት የተለያየ ኑሮ ይናገራሉ።

በዚህ መሠረት «ድህነት ቅነሳ» የሚለው ሰፊ ጭብጥ በዳሰሳው ውስጥ ቢያንስ በሁለት ይከፈላል፦ የገቢና የፍጆታ ዕድገት በአንድ በኩል፣ ከችግር ጊዜ ኪሳራ መዳን በሌላ በኩል። ሁለቱ የኢትዮጵያ ጥናቶች ክብደታቸውን የሚጥሉት በመጀመሪያው ላይ ነው። የማንኪራው ተማሪ የጥናት ክፍተት ብሎ ሊጽፈው የሚችለውም «በዚህ ቀበሌ ጥናት አልተካሄደም» የሚለውን ሳይሆን፣ ብድር ቀድሞ የሚሸጠውን ቡና መጠን ይቀንስ እንደሆነ፣ ከለቀማ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ቤተሰቦችን፣ ከብድር የወጡትንም ጨምሮ፣ በመጠየቅ መለካትን ነው።