ከጉድጓዱ እስከ መሠረቱ፤ የአፈር ምርመራ ዘገባ አጻጻፍ

የአፈር ምርመራ ዘገባ እጃችን ሲገባ አብዛኞቻችን ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደን አንዲት ቁጥር እንፈልጋለን። አፈሩ የሚፈቀድለት ጭነት ስንት ነው? ቁጥሯ ትገኛለች። ከየትኛው ጉድጓድ፥ ከየትኛው ናሙና እንደ መጣች ቢጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቁፋሮው መዝገብ በአንድ አባሪ፥ የላቦራቶሪው ውጤት በሌላ አባሪ ተጠርዞ ይቀመጥና ምክሩ በመካከል ብቻውን ይቆማል። እንዲህ ያለው ዘገባ አንድ ሰው የዕድሜውን ቁጠባ አፍስሶ የሠራውን ቤት በሁለት ክረምት ሊያሰነጥቅ ይችላል።

ምሳሌያችንን ከኮልፌ ቀራኒዮ እንውሰድ። ይህ አገር ከከተማችን በስተምዕራብ፥ ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ያለው ነው። ከሥር ያለው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በስብሶ አፈር ሲሆን፥ ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ቀይ ወይም ቡናማ፥ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ጥቁር፥ ገበሬው መረሬ የሚለው ይሆናል። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ቁጥሮች የአንድ የታወቀ ሕንፃ አይደሉም፤ ለእንዲህ ያለ መሬት የሚስማሙ ሆነው ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሊሠራ ነው እንበል። በመጋቢት ወር ሦስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የጥቁሩ አፈር ውፍረት በመጀመሪያው 2.4፥ በሁለተኛው 2.6፥ በሦስተኛው 3.4 ሜትር ሆነ። ከሥሩ ጠንከር ያለ ቀይ ቡናማ ሸክላ አለ፤ እሱም 6 ሜትር ገደማ ላይ ሲያበቃ የበሰበሰ ድንጋይ ይጀምራል።

በየጉድጓዱ የመዶሻ ሙከራ ተደርጓል። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ፥ የናሙና መውሰጃውን ቱቦ የመጨረሻውን 30 ሳንቲ ሜትር ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደ መታ ይቆጠራል። በጥቁሩ አፈር ውስጥ 1.5 ሜትር ላይ 16፥ በቀይ ቡናማው ውስጥ 3 ሜትር ላይ 13 ተቆጠረ። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ይበል። በዚህ ቁጥር ብቻ ብንሄድ የሚሻለው ጥቁሩ ነው! ቁፋሮውም ስለሚያንስ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ተቋራጩም አይከፋም።

የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ሌላ ይናገራል። የጥቁሩ አፈር ፕላስቲክ ሊሚት 36፥ ሊኩዊድ ሊሚት 96 ነው፤ በመሬት ውስጥ ሳለ የነበረው ውኃ ግን 29 በመቶ ብቻ ነው። ውኃው ከፕላስቲክ ሊሚት በታች ከሆነ አፈሩ ጠንካራ ሆኖ የተገኘው ደረቅ ስለሆነ ነው ማለት ነው። ይኸው ጉድጓድ በመስከረም ቢቆፈር ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ የቁፋሮው ቀን በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት፤ ቀን የሌለው ቁጥር በመረሬ ላይ ትርጉም የለውም። ከዚህም ሌላ፥ ከሁለተኛው ጉድጓድ ከ1.5 ሜትር የወጣው ናሙና ውኃ ሲጠጣ እንዳያብጥ ለመያዝ 200 ኪሎ ፓስካል ግፊት አስፈልጎታል። የቀይ ቡናማው 25 ብቻ ነው።

ጥሩ ዘገባ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘገባው በመጀመሪያ የታየውንና የተለካውን ብቻ ያለ አስተያየት ይጽፋል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የአፈር ንብርብር አንድ አንቀጽ ይሰጥና ከየት እስከ የት እንደ ሆነ፥ የመዶሻው ቁጥር፥ የላቦራቶሪው ውጤት፥ ከየትኛው ጉድጓድና ከስንት ሜትር እንደ መጣ በአንድ ቦታ ያሰባስባል። ጸሐፊው ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ቁጥር ለሒሳብ እንደ መረጠና ለምን እንደ መረጠ የሚናገረው እዚያው ላይ ነው። ምክሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ከዚህ ክፍል ያልተወሰደ አንድም ቁጥር ሊኖረው አይገባም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንከተለው። ከመጀመሪያው ጉድጓድ የወጣው ቀይ ቡናማ ናሙና ዙሪያውን ሳይያዝ ሲጫን በ180 ኪሎ ፓስካል ተሰበረ፤ የመቆረጥ ጥንካሬው የዚህ ግማሽ፥ 90 ነው። ስኬምፕተን እ.ኤ.አ. በ1951 ለሸክላ አፈር ባቀረበው ስሌት፥ ለካሬ መሠረት በ6.2 ብናባዛው 558 ይሆናል፤ ለጥንቃቄ በ3 ስናካፍለው 186 ይቀራል። ብዙ ዘገባ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን የመስመጡን ነገር ገና አላየንም። መሠረቱ 3 ሜትር ላይ ቢያርፍ ከሥሩ እስከ ድንጋዩ ድረስ 3 ሜትር ሸክላ አለ። የጭመቃው ሙከራ በአንድ ኪሎ ፓስካል 0.0002 እንደሚታመቅ አሳይቷል። የ2 ሜትር ካሬ ፉቲንግ 186 ቢጫነው በንብርብሩ መካከል የሚደርሰው ጭነት 61 ገደማ ነው፤ መስመጡም 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ25 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ከፈለግን ጭነቱን ወደ 125 ማውረድ አለብን። ስለዚህ ምክሩን የወሰነው መስመጡ ነው፤ ዘገባውም ይኸንኑ በግልጽ መናገር አለበት። አለዚያ ንድፍ ሠሪው ፉቲንጉን ወደ 2.5 ሜትር ያሰፋና 125ን እንዳለ ይጠቀምበታል፤ መስመጡም ወደ 29 ይወጣል። ፉቲንግ ሲሰፋ ጭነቱ ወደ ታች ጠልቆ እንደሚደርስ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረውም።

ጥልቀቱስ? «መሠረቱ 3 ሜትር ይቆፈር» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በሦስተኛው ጉድጓድ በኩል ግን 3 ሜትር ላይ ያለው ገና ጥቁሩ ነው፤ የቤቱ አንድ ማዕዘን በ40 ሳንቲ ሜትር መረሬ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥልቀቱ በሜትር ብቻ ሳይሆን በንብርብሩ ይጻፍ፤ «ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀይ ቡናማው ሸክላ ይግባ» ይበል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነም የጉድጓዶቹ አፍ ከፍታ ከአንድ ቋሚ ምልክት ተለክቶ ካልተጻፈ፥ ጥልቀቶቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይቻልም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወለሉ ነው። ዓምዶቹ በደኅና አፈር ላይ ቆመው ሳለ በመሬት ላይ የተነጠፈው ወለል 5 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ይጫናል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ 200 ያህል ሊገፋ ይችላል። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ስለዚህ ምክሩ፥ ጥቁሩ አፈር ከወለሉ ሥር ወጥቶ በማያብጥ ሰሌክት ይተካ፥ ወይም ወለሉ ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳ ማሰሪያዎቹ ላይ ይቀመጥና ከማሰሪያዎቹ ሥር ባዶ ቦታ ይተው የሚል አንቀጽ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ያው የ1.5 ሜትሩ ናሙና ነው።

የሙከራውም ቁጥር ይነገር። በምሳሌያችን የማበጡ ሙከራ በጥቁሩ ላይ የተደረገው በአንድ ናሙና ብቻ ነው፤ የጭመቃውም እንዲሁ። ይኸንን የሚያነብ መሐንዲስ ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚያምነው ራሱ ይወስናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመሠረት ደንብ በ2015 በአውሮፓው ላይ በተመሠረተው ተተክቷል፤ በዚህ አዲሱ ደንብ የምርመራው ዘገባ ከንድፉ ዘገባ የተለየ ሰነድ ነው። ሰነዱ ሁለት ሲሆን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መጻፍ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ንድፉን የሚሠራው ሰው ጉድጓዱን አላየምና።

በመጨረሻም ቁፋሮው ሲከፈት ምን እንደሚታይ ዘገባው ይናገር። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ግርጌ ላይ ጥቁር አፈር ከታየ፥ ቀይ ቡናማው እስኪገኝ ይቆፈር፤ ከተገኘ በኋላም ሳይደርቅና ዝናብ ሳይመታው በዚያው ቀን ሊን ኮንክሪት ይፍሰስበት።