ካርታው ላይ የተተከለች ምልክት ሁሉ ቤት አይደለችም

አድራሻ ጽፈን ካርታው ላይ ቀይ ምልክት ብቅ ስትል ቤቱ የተገኘ ይመስለናል። ምልክቷ ግን ጣሪያው ላይ ብታርፍም፣ የከተማው መሀል ላይ ብትወድቅም መልኳ አንድ ነው። ከነጥብ በኋላ የተደረደሩት የኬክሮስና የኬንትሮስ አሃዞችም ምስክር አይሆኑም፤ የከተማው መሀልም ቢሆን በሰባት አሃዝ ይጻፋል።

እውነቱን የሚናገረው ከመልሱ ጋር የሚመጣው ደረጃ ነው። የጎግል ጂኦኮዲንግ `location_type` በሚለው መስክ አራት ቃላት ይጠቀማል። `ROOFTOP` ካለ ነጥቡ ለዚያ አድራሻ በትክክል ይታወቃል ማለት ነው። `GEOMETRIC_CENTER` የአንድ መንገድ ወይም ሰፈር መሀል ነው፤ `APPROXIMATE` ደግሞ ግምት ሲሆን፣ የከተማ ስም ብቻ ሲገኝ የሚመጣው እሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ቤቱን እንዳላገኙት አይደብቁም።

አሳሳቹ አራተኛው፣ `RANGE_INTERPOLATED` ነው። የቤት ቁጥሩን ሳያይ አስልቶ ያስቀምጠዋል። አሜሪካ ውስጥ 200 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መንገድ እናስብ። መዝገቡ በአንደኛው ወገን ያሉት ጎዶሎ ቁጥሮች ከ1601 እስከ 1699 ይደርሳሉ ይላል። እኛ የምንፈልገው 1625ን ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አድርጎ ይቆጥርና ሩብ መንገድ ላይ፣ ከመነሻው 49 ሜትር ገደማ ላይ ያስቀምጠዋል። መንገዱ ላይ በእውነት ያለው የመጨረሻ ቤት ግን 1631 ቢሆንስ? ቤቶቹ መንገዱን እስከ ጫፍ ከሞሉት 1625 የሚገኘው 160 ሜትር አካባቢ ነው። ስህተቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ ምልክቷ ግን እንደ ልማዷ በኩራት ቆማለች። ሰፈሩን ለማወቅ ይህ ይበቃል፣ ዕቃ ለማድረስ አይበቃም።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። `partial_match` የሚል ምልክት ከመጣ፣ ፈላጊው የጻፍነውን በሙሉ አላገኘም፤ ከፊሉን ይዞ የቀረበውን ሰጥቷል። ስለዚህ የተመለሰውን አድራሻ ከጻፍነው ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ነው። የቤት ቁጥሩ ጠፍቶ የመንገዱ ስም ብቻ ከቀረ፣ ነጥቡ የመንገዱ እንጂ የቤቱ አይደለም። ብዙ አድራሻ በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ ሰው ደግሞ የተለያዩ ደንበኞች አንድ ነጥብ ላይ መከመራቸውን ይመልከት። አንድ ሕንፃ ውስጥ ካልኖሩ በቀር፣ የተከመሩት የመንገድ ወይም የከተማ መሀል ላይ ነው። መንገዱ በስም፣ ቤቱ በቁጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ተብሎ በሚነገርበት አዲስ አበባ ይህ ቢገጥም አይገርምም፤ እዚያ ስልክ መደወሉ ይሻላል።

`ROOFTOP` ራሱም ቢሆን የሚመሰክረው ለቦታው ብቻ ነው። ደንበኛው እዚያ መኖሩን፣ የአፓርታማ ቁጥሩም ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም።